ካኩሮ ላይ 16 ሁሌ 7 እና 9 ነው እንዴ?

ይሄን የውይይት ክር የከፈተው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት ነው። ጠዋት ጠዋት የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆሞ ካኩሮ ይሞላል። ወረቀቱን የሚገዛው ከሰፈሩ ኮፒ ቤት ነው፤ ከአንድ የቆየ መጽሐፍ ተገልብጦ በአንድ ገጽ ስድስት ትንንሽ ጨዋታ የሰፈረበት ነው። ጽሑፉ ረጅም ቢሆንም ፍሬው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ጥያቄና አንድ ክስ።

ለማያውቀው ሰው ጨዋታው እንዲህ ነው። ነጭ ሳጥኖች አሉ፤ በየመስመሩ ራስ ላይ፣ ጥቁሩ ሳጥን ውስጥ፣ ድምር ተጽፏል። መስመሩ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይሄዳል። በየነጩ ሳጥን ከ1 እስከ 9 ካሉት አንዱ ይገባል፤ የመስመሩ አሃዞች ተደምረው ራሱ ላይ ያለውን ቁጥር መስጠት አለባቸው፤ በአንድ መስመር ውስጥ ደግሞ አንድ አሃዝ ሁለቴ አይገባም። አንዳንዶቹን ድምሮች ምርጫ የሚያሳጣቸው ይሄ የመጨረሻው ሕግ ነው። 4 በሁለት ሳጥን ከተባለ፣ 2 እና 2 ስለማይፈቀድ፣ 1 እና 3 ብቻ ይቀራል። 17 በሁለት ሳጥን ከሆነ 8 እና 9 ነው፤ ሌላ የለም።

የልጁ ጥያቄ ከዚህ የሚነሳ ነው። በሁለት ሳጥን እንዲህ አንድ መልስ ብቻ ያላቸው ድምሮች አራት ናቸው፤ 3፣ 4፣ 16 እና 17። በሦስት ሳጥንም አራት፤ 6፣ 7፣ 23 እና 24። በአራት ሳጥንም እንደዚያው፤ 10፣ 11፣ 29 እና 30። እነዚህን በቃሉ ይዟቸዋል። ለምን ሁልጊዜ አራት እንደሆኑ ግን አልገባውም።

ክሱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው አራተኛው ጨዋታ ስህተት ነው የሚል ነው። ጨዋታው ሰባት ነጭ ሳጥን ብቻ አለው። የላይኛው ረድፍ ከግራ ጀምሮ ሁለት ሳጥን ነው፤ ድምሩ 17። መካከለኛው ረድፍ ሦስት ሳጥን፤ ድምሩ 16። የታችኛው ረድፍ ወደ ቀኝ የተጠጋ ሁለት ሳጥን ሆኖ ድምሩ 4 ነው። ወደ ታች ሲነበብ የግራው ዓምድ 16 በሁለት ሳጥን፣ የመሐሉ 11 በሦስት ሳጥን፣ የቀኙ 4 በሁለት ሳጥን። ልጁ የጀመረው ከመካከለኛው ረድፍ ነው። 16 ማለት 7 እና 9 ነው ብሎ ሁለቱን አስገባ፤ ሦስተኛው ሳጥን ምንም አልተረፈለትም። ባዶ ደግሞ አይፈቀድም። ስለዚህ ጨዋታው ውሸት ነው አለ፤ ኮፒ ቤቱንም አልማረውም።

1ኛው ምላሽ የመጣው ወዲያው ነው፤ ጨዋ ምላሽም ነበር። ጸሐፊው ወንድሜ ብሎ ጀምሮ፣ ድምሩ ብቻውን ምንም እንደማይናገርና ከሳጥኑ ብዛት ጋር ተያይዞ መነበብ እንዳለበት ነገረው። 16 በሁለት ሳጥን 7 እና 9 ነው፤ ልክ ነህ። በሦስት ሳጥን ግን 1፣ 6፣ 9ም ይሆናል፤ 2፣ 5፣ 9ም ይሆናል፤ 4፣ 5፣ 7ም ይሆናል፤ በጠቅላላው ስምንት መንገድ አለው። በአራት ሳጥንም ስምንት ነው። አምስት ሳጥን ላይ ሲደርስ ተመልሶ አንድ ብቻ ይሆናል፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 6። እኔ በበኩሌ ይሄን ቆጠራ አላመንኩም ነበር፤ እስክሪብቶ አንስቼ ስደረድር ግን ስምንትና ስምንት ሆኖ አገኘሁት።

2ኛዋ ጸሐፊ ጥያቄውን የተረዳችው አልመሰለኝም። ልጇ ስልኩ ላይ ሱዶኩ እንደሚጫወት፣ እንቅልፍም እንደነሳው ጽፋ፣ ይሄ ነገር ለሂሳብ ትምህርት ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም፤ ለልጇ ስል አዝኛለሁ።

3ኛው ምላሽ ክሩን ክር ያደረገው ነው። የጻፉት አቃቂ የሚኖሩ ጡረተኛ ሂሳብ ሹም ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ልጁ የጀመረበት ቦታ ትክክል እንዳልሆነ አለዝበው ነገሩት። መጀመር ያለበት ሁለት ምርጫ አልባ ድምሮች ከሚገናኙበት ጥግ ነው፤ እዚህ ጨዋታ ላይ ደግሞ ያ ጥግ የላይኛው የግራ ሳጥን ነው። ወደ ጎን 17 ውስጥ ስላለ 8 ወይም 9 ነው። ወደ ታች 16 ውስጥ ስላለ 7 ወይም 9 ነው። ሁለቱም የሚስማሙበት 9 ብቻ ነው። 9 ከገባ ጎኑ ያለው 8፣ ሥሩ ያለው 7 ይሆናል። ሦስት ሳጥን በአንድ ትንፋሽ ሞላ።

ቀጥለው የመሐሉን ዓምድ ያዙ። 11 በሦስት ሳጥን አምስት ዓይነት አሞላል ስላለው ከምርጫ አልባዎቹ ድምሮች ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። ግን ከላይ 8 ገብቶበታል፤ የቀረው 3 በሁለት ሳጥን ነው። ይሄ ደግሞ 1 እና 2 ብቻ ነው። ጋሼ ይሄን ነጥብ ደጋግመው አስምረውበታል። ድምሩ መጀመሪያ ላይ ልቅ ቢሆንም አንድ ሳጥን ሲሞላ ቀሪው ወደ ሠንጠረዡ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ የሞሉትን እየቀነሱ ቀሪውን ማየት ነው። የታችኛው ረድፍ 4 ስለሆነ 1 እና 3 ነው፤ ከመሐሉ ዓምድ ጋር የሚገናኘው ሳጥን 1 ወይም 2 ብቻ መሆን ስላለበት 1 ሆነ፤ ጎኑ 3፤ ከላዩ ያለው የመሐል ሳጥን 2። የቀኙ ዓምድ 4 ስለሆነና ታቹ 3 ስለያዘ ላዩ 1 ነው።

አሁን መካከለኛው ረድፍ ሳይነካ ሞልቷል፤ 7፣ 2፣ 1። ድምሩ 10 ነው፤ 16 አይደለም። ጋሼ የደረሱበት መደምደሚያ ልጁ ያለው እውነት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ስህተት አለ፤ ምክንያቱ ግን እሱ ያለው አይደለም የሚል ነው። ምናልባት 10 የነበረው ላይ የቶነር ቀለም ተጋግሮ 0ውን 6 አስመስሎት ይሆናል፤ ዋናውን መጽሐፍ እንዲያሳዩህ ጠይቅ አሉት።

ከ4ኛው እስከ 6ኛው ያሉት ምላሾች ወደ ጥያቄው የተመለሱ ናቸው። 4ኛው ተማሪ ይመስለኛል፤ አጻጻፉ የችኮላ ነው፤ ነገሩን ግን በደንብ ይዞታል። ሦስት ሳጥንን ወስዶ አስረዳ። ትንሹ ድምር 1፣ 2፣ 3 ነው፤ 6። ወደ 7 ለመውጣት አንዱ አሃዝ በአንድ ከፍ ማለት አለበት። 1ን ከፍ ብታደርገው 2 ላይ ይወድቃል፤ 2ን ከፍ ብታደርገው 3 ላይ ይወድቃል። ከፊቱ ቦታ ያለው 3 ብቻ ስለሆነ 1፣ 2፣ 4 ይሆናል፤ አንድ መንገድ። ወደ 8 ሲሄድ ግን በሩ ሁለት ይሆናል፤ 3ን ሁለት እርምጃ አስኪደህ 1፣ 2፣ 5፤ ወይም 2ን እና 3ን አንዳንድ እርምጃ አስኪደህ 1፣ 3፣ 4። ከዚያ ወዲያ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከታች በኩል ምርጫ የሌላቸው ሁለት ብቻ ናቸው። ከላይ በኩል ያሉት ሁለቱ ደግሞ የእነዚህ መስታወት ናቸው፤ እያንዳንዱን አሃዝ ከ10 ቀንሰው። 1፣ 2፣ 4 የነበረው 9፣ 8፣ 6 ይሆናል፤ ድምሩም ከ7 ወደ 23 ይዞራል። ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ፤ አራት።

5ኛው በዚህ ተደስቶ ያለ ዕረፍት አባዛው። ከሁለት እስከ ዘጠኝ ሳጥን ስምንት ርዝመት አለ፤ ስምንት ጊዜ አራት ሠላሳ ሁለት፤ ሠላሳ ሁለቱን ሸምድዳችሁ ተገላገሉ አለ። በልበ ሙሉነት የተጻፈ ነበር። 6ኛዋ ጸሐፊ፣ ለገጣፎ የምትኖር ናት፣ ሳትቆጣ አረመችው። አራት የሚለው ከሁለት እስከ ሰባት ሳጥን ድረስ ይሠራል። ስምንት ሳጥን ላይ ሲደረስ ከዘጠኙ አሃዞች የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ዘጠኙ ሁሉ ሲደመሩ 45 ስለሚሆኑ፣ ድምሩን ከ45 ስትቀንሰው የሌለውን አሃዝ ይነግርሃል። 38 ከተባለ የቀረው 7 ነው፤ አለቀ። ስለዚህ ከ36 እስከ 44 ያሉት ዘጠኙም ድምሮች ምርጫ የላቸውም። ዘጠኝ ሳጥን ደግሞ 45 ብቻ ነው። ሃያ አራት፣ ዘጠኝ፣ አንድ፤ ሠላሳ አራት። ጨምራም ሰባት ሳጥንን መሸምደድ አያስፈልግም አለች። የቀሩትን ሁለት አሃዞች ድምር አውጥቶ የሁለት ሳጥኑን መጠቀም ነው። 41 በሰባት ሳጥን ሲባል የጎደሉት 4 ይሆናሉ፤ ማለትም 1 እና 3 የሉም፤ ሌላው ሁሉ አለ። 5ኛው ሰውዬ ምስጋናም ቅሬታም አልጻፈም።

7ኛው ጨዋታው እንደ ሱዶኩ ከጃፓን ነው የመጣው ብሎ ጃፓኖችን አመሰገነ። 8ኛው መልሱን በአጭሩ ሰጠ፤ ካኩሮ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዴል መጽሔቶች ላይ በሌላ ስም ይወጣ ነበር፤ ወደ ጃፓን ያስገባው ኒኮሊ የተባለው የእንቆቅልሽ አሳታሚ ማኪ ካጂ ነው፤ ዓለም በሰፊው ያወቀው ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጋዜጦች ሲያትሙት ነው። ከዚያ ስለ ገበጣ የሆነ ወሬ ተነስቶ ሁለት ሦስት ሰው ተከተለው፤ እዘለዋለሁ።

11ኛውን ጋሼ ናቸው የጻፉት። ስህተት ያለበትን ወረቀት ሳይሞሉ መለየት ይቻላል አሉ። እያንዳንዱ ነጭ ሳጥን አንድ ጊዜ ወደ ጎን፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ይቆጠራል። ስለዚህ የአግድም ድምሮች ሁሉ ተደምረው ከቁልቁል ድምሮች ጠቅላላ ጋር እኩል መሆን አለባቸው። የልጁ ወረቀት ላይ አግድም 17፣ 16 እና 4 ናቸው፤ 37። ቁልቁል 16፣ 11 እና 4፤ 31። ልዩነቱ 6 ነው። እንደ ዴቢትና ክሬዲት ነው፤ ካልተመጣጠነ መዝገቡ ላይ ነገር አለ። የ6ቱ ልዩነት ደግሞ ከ10 እና ከ16 ጋር ገጠመላቸው።

12ኛው ሰው እዚህ ላይ ገባ፤ ከዚያ በኋላ የክሩ ጠባይ ተቀየረ። ማን እንደሆነ አላውቅም። አንቱታውን ጠብቆ ነው የጻፈው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ግን ይቆርጣሉ። ልዩነቱ 6 መሆኑ የትኛው ቁጥር እንደተበላሸ አይናገርም አለ። ከአግድሞቹ አንዱ በ6 በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ከቁልቁሎቹ አንዱ በ6 አንሶም ሊሆን ይችላል። ሂሳብ ሹም ሆነው ሳለ ሁለት ስህተት ተጣፍቶ ሚዛኑ እኩል ሊመስል እንደሚችልም ያውቃሉ ብሎ ጨመረ። ጋሼ መካከለኛው ረድፍ ነው ያሉት ሌሎቹን ሁሉ ልክ ናቸው ብለው ስለተነሱ ብቻ ነው።

13ኛው ለጋሼ ተቆርቁሮ ሽማግሌ እንዲህ አይባልም፣ አንተ ራስህ ፈተኸው አሳየን አለ። 14ኛውም ተመሳሳይ፣ ትንሽ ጠንከር ያለ። ጋሼ ራሳቸው በ15ኛው ምላሽ ነጥቡ ትክክል ነው፣ ልጆች አትጣሉ ብለው አበረዱት።

16ኛው ምላሽ የ12ኛው ሰው ነው። አሳየን የተባለውን ይዞ መጣ። አንድ በአንድ ሄደበት። የግራው ዓምድ በ6 ቢጨምር 22 ይሆናል፤ ሁለት ሳጥን ከ17 በላይ ስለማይሸከም ወደቀ። የቀኙ ዓምድ 4 ሳይሆን 10 ነበር ቢባል፣ የቀረው ሁሉ እንደ ጋሼ ተሞልቶ የመጨረሻው ሳጥን 7 ይሆናል፤ መካከለኛው ረድፍ ላይ 7 አስቀድሞ ስላለ ሁለቴ ገባ፤ ወደቀ። የታችኛው ረድፍ 4 ስለሆነ 6 አይቀነስለትም። የመሐሉ ዓምድ 11 ሳይሆን 17 ነበር ቢባል ግን ጨዋታው ይከፈታል። ላዩ 8 ስለሆነ የቀረው 9 በሁለት ሳጥን ነው። የታችኛው ሳጥን ከ1 እና ከ3 አንዱ ነው። 1 ከሆነ መሐሉ 8 ይሆናል፤ 8 ዓምዱ ውስጥ አለ፤ አይሆንም። ስለዚህ 3፣ መሐሉም 6። የታችኛው ረድፍ 3 እና 1፤ የቀኙ ዓምድ 3 እና 1። መካከለኛው ረድፍ 7፣ 6፣ 3፤ ድምሩ ልጁ መጀመሪያ እንዳነበበው 16።

ይሄን ሳነብ ጎበዝ ብያለሁ፤ ሰውዬው ባይጥመኝም። አንድ የተበላሸ ወረቀት፣ ሁለት የተለያየ ጥገና፤ ሁለቱም አንድ መልስ ብቻ ያለው ንጹሕ ጨዋታ ይሰጣሉ። ሠንጠረዡ በሁለቱም ላይ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የላይኛው ጥግ 9፣ 8፣ 7 ሆኖ በሁለቱም አልተነካም። የትኛው ቁጥር እንደተበላሸ ግን ሊነግረን አይችልም።

17ኛው፣ ሂሳቡን የነገረን ተማሪ መሆኑ ነው፣ አንድ የተዘለለ አለ ብሎ መጣ፤ የላይኛው ረድፍ 17 ሳይሆን 11 ቢሆንስ? እሱም ሚዛኑን ያስተካክላል። ሞክሮት ሦስት የተለያየ አሞላል አገኘ፤ አንደኛው ከላይ 7 እና 4 የሚል፣ ሁለቱ ደግሞ 9 እና 2 ብለው የሚጀምሩ። ሦስት መልስ ያለው ጨዋታ ደግሞ አይታተምም። የላይኛው 17 ምርጫ አልባ ባይሆን ኖሮ ጥጉ እንደማይቆለፍ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

18ኛው ወረቀቱን ጥሎ ስልክ ላይ መጫወት ይሻላል አለ። 19ኛው ሰልፍ ላይ ስልክ አውጥቶ መቆም እዛ ሰፈር እንደማይመከር አስታወሰው። ስለ አውቶቡስ ብዙ ተባለ። ስለ ሰልፍ ያለንን ሁሉ ካወራን በኋላ የከፈተው ልጅ በ23ኛው ምላሽ ብቅ አለ።

ኮፒ ቤት ሄዶ ነበር። ባለቤቷ መጀመሪያ አልሰማሁም አለች፤ ቀጥላ መጽሐፉን ከመደርደሪያው ሥር አወጣች። የመሐሉ ዓምድ 17 ነው። ቁጥሩ ጥቁሩ ሳጥን ውስጥ ነጭ ሆኖ የታተመ ስለሆነ፣ በኮፒው ላይ ጥቁሩ ቀለም ፈስሶ የ7ን አግድም ክንድ ውጦታል፤ የቀረው ዘንግ 1 መሰለ። ሌሎቹን ጨዋታዎች ከመጽሐፉ ጋር ሲያመሳክር ሌላ እንደዚህ ያለ 7 አገኘ፤ እሱን ግን ሳያስበው ልክ አድርጎ አንብቦት ነበር፤ ምክንያቱም ሁለት ሳጥን ውስጥ የነበረው 17 አጠገብ ያለው ሳጥን 9 መሆኑን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ጋሼ በ24ኛው ምላሽ ለ12ኛው ሰው እጅ ነሱ፤ እሱ ምንም አልመለሰም።

25ኛው ቀልደኛ ነው። በግዕዝ ቁጥር ቢታተም ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር አለ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ካኩሮም ሳጥን ውስጥ ዜሮ አያስገባም፤ ከ፩ እስከ ፱ ልክ የሚበቃ ነው። 10 ፲ ነው፤ 16 ፲፮ ነው፤ አንዱ አንድ ፊደል፣ አንዱ ሁለት፤ ቀለም ቢፈስም አይምታታም። ብዙ ሰው ወደደው። 26ኛዋ፣ የለገጣፎዋ፣ በዚህ አልተስማማችም፤ ፮ እና ፯ በኮፒ ላይ ሲደበዝዙ አይተህ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀች። 16 እና 17 የጨዋታው ዋና ቁልፎች ሆነው ሳለ ፲፮ እና ፲፯ ቢምታቱ ጥጉ ሁሉ ይበላሻል። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

27ኛው፣ ሠላሳ ሁለት ብሎ ያባዛው ሰውዬ መሰለኝ፣ ተመልሶ ሌላ ትልቅ አባባል አመጣ። ከሠላሳ አራቱ አንዱም የሌለበት ጨዋታ ሊፈታ አይችልም፤ መነሻ የለውም፤ አውጪው ቢያንስ አንድ ማስገባት ግዴታው ነው አለ። ይሄ ብዙ ተጫዋች የሚያምነው ነገር ነው። እውነትም ቀላል ጨዋታዎች በእነዚህ ድምሮች የተሞሉ ናቸው፤ ከባድ ሲሆኑ እየሳሱ ይሄዳሉ። ተማሪው ግማሽ ተስማማ። 12ኛው ሰው ማስረጃ የሚል አንድ ቃል ብቻ ጻፈ።

29ኛው ምላሽ የለገጣፎዋ ነው፤ አራት ሳጥን ብቻ ያለው ጨዋታ ሠርታ አቀረበች። ሁለት ረድፍ፣ ሁለት ዓምድ። የላይኛው ረድፍ 5፣ የታችኛው 15፤ የግራው ዓምድ 7፣ የቀኙ 13። አንዱም ሠንጠረዡ ውስጥ የለም። 5 ሁለት መንገድ አለው፣ 15ም ሁለት፣ 7 ሦስት፣ 13ም ሦስት። አግድሙ 20፣ ቁልቁሉ 20፤ ሚዛኑ ልክ ነው። የታችኛውን የግራ ሳጥን ተመልከቱ አለች። ወደ ጎን 15 ውስጥ ስላለ 6 እና 9፣ ወይም 7 እና 8 ከሚሉት አንዱ ነው፤ ከ6 በታች መሆን አይችልም። ወደ ታች 7 ውስጥ ስላለ ደግሞ ከ6 በላይ መሆን አይችልም። ስለዚህ 6 ነው። ጎኑ 9፣ ላዩ 1፣ የላይኛው የቀኝ ሳጥን 4። ሌላ አሞላል የለውም።

ቁም ነገሩን እሷ ራሷ ባጭሩ ጽፋዋለች። ድምሩ ምርጫ አልባ መሆኑ ሳይሆን፣ የሚገናኙት ሁለት መስመሮች የሚጋሩት አሃዝ አንድ መሆኑ ነው ሳጥኑን የሚሞላው። 16 እና 17 ሲገናኙ 9 የሚወጣውም በዚሁ ነው። ሠላሳ አራቱ ይሄን ፍለጋ ቶሎ የሚጨርሱ ናቸው፤ ብቸኛ በሮች አይደሉም። እንዲያውም ሁለት ምርጫ አልባ ድምሮች ሲገናኙ የጋራ አሃዝ ላይኖራቸው ይችላል። 16 በሁለት ሳጥን ከ6 በሦስት ሳጥን ጋር ሲያቋርጥ ካያችሁ፣ አንዱ 7 እና 9፣ አንዱ 1፣ 2 እና 3 ስለሆነ፣ ሳትደክሙ ኮፒውን መልሱት አለች።

27ኛው ሰውዬ እኔ ያልኩት ስለ ትልልቆቹ ጨዋታዎች ነው ብሎ አፈገፈገ። እንደዛ አላለም ነበር፤ ተመልሼ አይቻለሁ። 12ኛው ሰው ለእሷ ምስጋና ጻፈ፤ በክሩ ውስጥ ያመሰገነው እሷን ብቻ ነው።

ከዚያ ያልተቋጨ ክርክር ቀረ። 32ኛው፣ አዲስ ገቢ፣ 12ኛው ሰው የመሐሉን ዓምድ ሲፈታ 1 ከሆነ 8 ይደገማል ብሎ የጣለው መገመት ነው፣ ካኩሮ ደግሞ ያለ ግምት መፈታት አለበት አለ። ተማሪው አልተቀበለውም፤ ሁለቱንም ምርጫ ይዞ አንዱ ሲጋጭ መጣል ማስረጃ እንጂ ግምት አይደለም። ጋሼ መሐል ቤት ገቡ፤ ግጭቱ እዚያው መስመር ላይ ከታየ ማስረጃ ነው፤ አሥር ሳጥን ሞልቼ ካገኘሁት ግን እኔ ላጲስ ስለማነሳ ግምት እለዋለሁ አሉ። 12ኛው ሰው ወሰኑ ስንት ሳጥን ነው ታዲያ ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ አምስት አሉ፤ እሱ ለምን አራት አልሆነም አለ። 2ኛዋ እናት እዚህ ላይ ብቅ ብላ፣ ልጄ እስከ ሦስት ሳጥን በጭንቅላቱ ይይዛል፣ ከዚያ ወዲያ ይጽፋል አለች። ለካ ስታነበን ነበር። ከእሷ በኋላ የወሰኑን ነገር ያነሳ የለም፤ ክሩን የከፈተው ልጅ ግን የገጹን አምስተኛና ስድስተኛ ጨዋታ ፎቶ አንስቶ፣ አግድምና ቁልቁሉን ደምሮ እኩል መሆናቸውን ከሥሩ ጽፎ ለጥፏል።